ሐረጎን በሞተር ሲወርዱ፦ ኩርባ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ሐረጎ ላይም አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ሞተር ማስተኛት የሚፈራ ሰው የሚለየው እዚያ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሰዎችን ሞተር ሳስለምድ እንደታዘብኩት፣ ፍርሃቱ ከማዘንበሉ ከራሱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እጅ ሞተሩን ሳይታወቅ ወደ ሌላ ጎን መግፋቱ፣ ወይም ወደ ኩርባው የተገባበት ቦታ ትክክል አለመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሞተርን እንደ ባጃጅ መምራት ነው። ሦስት ዓመት ባጃጅ የነዳ አንድ ወጣት ሞተር በጀመረ በሳምንቱ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ላጥፍ ስል ወደ ግራ ይሄድብኛል፤ መሪው ሳይጣመም አይቀርም» አለኝ። «አብሽር፣ መሪው ደህና ነው» አልኩት፤ ደግሞም ደህና ነበር። ባጃጅ በሦስት ጎማ ስለሚቆም ሳያዘነብል ይታጠፋል፤ ስለዚህ መሪው ወደ ዞረበት ይሄዳል። ሞተር ግን ለመታጠፍ አስቀድሞ ማዘንበል አለበት። ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል ደግሞ የፊት ጎማው ለቅጽበት ያህል ከክብደቱ ሥር ወደ ግራ መውጣት ይኖርበታል። በልጅነቱ ዱላ በመዳፉ ላይ አቁሞ የተጫወተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ዱላው ወደ ቀኝ እንዲወድቅ ከተፈለገ መዳፍ ወደ ግራ ይንቀሳቀሳል።

ስለዚህ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ይግፉ፤ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን። መሪው የሚንቀሳቀሰው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው፤ ሞተሩ ከተኛ በኋላም የፊት ጎማው ራሱ ወደ ኩርባው ይዞራል። ይህ የሚሠራው ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታች፣ ለምሳሌ ግቢ ውስጥ ሲዞሩ፣ መሪውን ወደሚሄዱበት ማዞር ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሰውነትን ወደ ጎን በመጣል ብቻ እታጠፋለሁ የሚሉ አሉ። በባዶ መንገድ ላይ ጥቂት ይሠራላቸዋል፤ ድንገት ጉድጓድ ወይም በግ ሲያጋጥም ግን ሰውነት እስኪጣል ጊዜው ያልፋል። ልምምዱን ሰፊና ባዶ በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምሩ፤ ጣቶችዎን ሳያጨብጡ በቀኝ መዳፍዎ እጀታውን በቀስታ ገፋ አድርገው ይልቀቁ፣ ቀጥሎም በግራው። ወጣቱ ይህን በደገመ በሩብ ሰዓት ውስጥ ገባው። ባጃጅ ላይ ሲመለስ ግን መርሳት ነበረበት፤ እሱም አልቸገረውም።

ሁለተኛው ስህተት ሁለቱንም ክንድ ማድረቅ ነው። የቀኝ እጅ ሲገፋ የደረቀው ግራ እጅ ይመክተዋል፤ ነጂውም ብዙ ገፍቶ ጥቂት ታጥፎ «ሞተሩ እምቢ አለኝ» ይላል። ቁልቁለት ላይ ችግሩ ይብሳል፤ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ስለሚወርድ በእጅ መደገፍ ይመጣል። ምልክቱ አንድን ኩርባ በአራትና በአምስት ቁራጭ ማለፍ፣ ከወረዱ በኋላም ትከሻን መታመም ነው። የነዳጅ ታንኩን በጉልበት ጥብቅ አድርገው ይያዙት፤ ክርኖችዎንም ዘና ያድርጉ።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው፣ ወደ ኩርባው ቶሎ መግባት ነው። ተራራው በቀኝ በኩል ሆኖ መውጫውን የሚጋርድ የቀኝ ኩርባ ያስቡ። የሚፈራ ሰው ከመሃል መስመሩ ለመሸሽ ገና ከመጀመሪያው ወደ ቀኝ ጠርዝ ይጠጋል፤ ለጊዜውም ደኅንነት ይሰማዋል። ነገር ግን ከጠርዝ የጀመረ ሞተር ኩርባው መሃል ላይ ሲደርስ አፍንጫው ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መሃል መስመሩ ያመለክታል። በዚያ ሰዓት ይበልጥ ማስተኛት ያስፈልጋል፤ የሚፈራውም ነገር በግድ ይመጣበታል። ከታች ተሳቢ የያዘ መኪና አቀበቱን እየወጣ ከሆነ ደግሞ ለእሱ ያ ኩርባ የግራ ኩርባ ነው። የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ከጎታቹ ይልቅ ወደ ውስጥ ስለሚቆርጡ የመሃል መስመሩን አልፈው ወደ እርስዎ ረድፍ ይገባሉ።

ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው። ፍሬን ይዘው፣ ማርሽ ቀንሰው፣ ፍጥነት መቀነሱን ገና ቀጥታው ላይ ሳሉ ይጨርሱ። ከራስዎ ረድፍ መሃል ጥቂት ወደ ግራ ይሁኑ፤ ከመሃል መስመሩ ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ። ከዚያ ቦታ ከጠርዙ ይልቅ ርቀው ያያሉ። መውጫው እስኪታይዎት ድረስ ይታገሡ፤ ከታየ በኋላ የቀኙን እጀታ ገፍተው ወደ ቀኝ ይግቡ፤ ከጠርዙ ጋር የሚቀራረቡበት ነጥብ ከኩርባው ሁለት ሦስተኛው አካባቢ ይሁን። ያን ጊዜ ሞተሩ ቀጥ እያለ ወደ መውጫው ያመለክታል። ከመግባትዎ በፊት ተሳቢው ከታየ ግን ስለ እይታ ማሰቡን ይተዉና ወዲያውኑ ወደ ቀኝ ይጠጉ።

በግራ ኩርባ ላይ ከራስዎ ረድፍ ቀኝ በኩል ይጀምሩ፤ የመኪና ጎማ የጠረገው ጠጠር የሚከማችበትን ጫፍ ግን አይርገጡ። እዚህ ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ጎማው በረድፉ ውስጥ ቢሆንም ያዘነበለ ሰው ጭንቅላት ከመሃል መስመሩ ሊያልፍ ይችላል።

አራተኛው ስህተት ኩርባው ውስጥ ደንግጦ የፊት ፍሬን መጨበጥ ነው። ሞተሩ ተኝቶ ሳለ የፊት ፍሬን ሲያዝ ቀና ይላል፤ ቀና ያለ ሞተር ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ጠጠር፣ የፈሰሰ ናፍጣ ወይም የክረምት ጉም ያራሰው አስፋልት ካለ የፊት ጎማው ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ዓይን በሚፈራው መኪና ላይ ከተተከለ እጅም ወደዚያው ይመራል። ማድረግ የሚገባው የሚቃረን የሚመስለው ነገር ነው፤ መውጫውን እያዩ የውስጡን እጀታ ጥቂት ጨምረው ይግፉ። ማርሽ ፈትተው በፎሌ የሚወርዱ ሰዎች ደግሞ ሞተሩ ሊይዝላቸው የሚችለውን ፍጥነት ሁሉ ለፍሬኑ ስለሚተዉ፣ ኩርባ ውስጥ መጨበጡ አይቀርላቸውም።

ጨምረው ሲገፉ ጎማው ይችላል ወይ ለሚሉ ቁጥሩ ይኸው። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያስፈልገው ማዘንበል 23 ዲግሪ ያህል ነው፤ ደረቅና ንጹሕ አስፋልት ላይ ደህና ጎማ ይህን በቀላሉ ይሸከማል። በ30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል፤ በ50 ከሆነ ወደ 33 ይደርሳል። ማዘንበሉ የሚከብድዎት ከሆነ እንግዲህ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነትዎን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀነስ ነው ያለብዎት።

ወጣቱን መጀመሪያ ሽቅብ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ነበር የወሰድኩት። አቀበት ላይ ጋዝ ሲቀነስ ፍጥነቱ በራሱ ይቀንሳል፤ ክብደቱም ከእጅ ላይ ይነሣል። ሁለት ቀን እንዲሁ ከወጣን በኋላ በሦስተኛው፣ ጉሙ ተገልጦ አስፋልቱ ሲደርቅ፣ በሁለተኛ ማርሽ አብረን ወረድን።