የይለፍ ቃል ሲቀመጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ኢንክሪፕሽንም ፈጣን ሃሽም ለምን አይሆኑም

ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች የሚሠሩ ሲስተሞችን ስፈትሽ አስቀድሜ የማየው የተጠቃሚዎችን ሰንጠረዥ ነው። የይለፍ ቃሉ የተቀመጠበት ዓምድ ርዝመቱ ብቻ ብዙ ይናገራል። 32 ሆሄያት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤምዲ5፣ 40 ከሆነ ሻ-1፣ 64 ከሆነ ሻ-256 ነው፤ ሦስቱም ከቃሉ ተመልሶ የማይፈታ አሻራ የሚያወጡ ፈጣን ሃሾች ናቸው። 60 ሆሄያት ሆኖ በ`$2y$` የሚጀምር ከሆነ ግን ሆን ተብሎ ዘገምተኛ የተደረገው ሃሽ ቢክሪፕት ስለሆነ ልቤ ያርፋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሳው ሰንጠረዡ አንድ ቀን ከእጃችን ሊወጣ ይችላል ከሚል ግምት ነው። በተረሳ ባክአፕ፣ በጠፋ ላፕቶፕ ወይም ባልተጣራ የኤስኪውኤል ጥያቄ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሰንጠረዡ የወሰደው ሰው የይለፍ ቃሎቹን ለማግኘት ምን ያህል ይደክማል የሚለውን ነው።

የይለፍ ቃልን ኢንክሪፕት ማድረግ

ኢንክሪፕሽን የተሠራው ተመልሶ እንዲፈታ ነው፤ የይለፍ ቃልን ግን መልሶ ማንበብ ለማንም አያስፈልግም። ተጠቃሚው ያስገባው ቃል ካስመዘገበው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። «ደንበኛው ሲረሳው እንድንነግረው» የሚል ምክንያት በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል፤ የረሳ ሰው አዲስ ያወጣል እንጂ የድሮው አይነገረውም። መፍቻ ቁልፉም ፕሮግራሙ እንዲሠራ ሲባል እዚያው ሰርቨር ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከዳታቤዙ መግቢያ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ ሰርቨሩ ውስጥ የገባ ሰው ሁለቱንም ይዞ ይወጣል።

ቁልፉ ባይወጣ እንኳ ችግሩ ላይቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአዶቤ የወጣው ሰንጠረዥ በ3ዴስ ኢንክሪፕት የተደረገ ነበር፤ ለየተጠቃሚው የሚለይ የዘፈቀደ ቁራጭ፣ ማለትም ሶልት፣ ስላልነበረውና እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ስለተመሰጠረ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ያላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ምስጢር ጽሑፍ ነበራቸው። ተጠቃሚዎቹ የጻፏቸው የማስታወሻ ፍንጮች ደግሞ በግልጽ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ ቁልፉ ሳይታወቅ፣ የብዙ ሰዎችን ፍንጭ በማገጣጠም ብቻ ብዙ የይለፍ ቃሎች ተለዩ።

ፈጣን ሃሽ መጠቀም

ይህኛው ስህተት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ የሚሠሩት ሰዎች ጥንቃቄ ያደረጉ ስለሚመስላቸው ነው። ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ጎበዝ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ሻ-256 እኮ እስካሁን አልተሰበረም» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል የሚፈልግ ሰው ሻ-256ን ሊሰብር አይሞክርም። የሚሆኑ ቃላትን አንድ በአንድ እየገመተ ሃሽ ያደርግና ውጤቱን ከሰንጠረዡ ጋር ያመሳስላል። ሻ-256 ትልልቅ ፋይሎችን በፍጥነት ለመፈተሽ ምቹ መሆኑ እዚህ ላይ የሚጠቅመው ገማቹን ነው።

በእኛ አገር የተለመደውን ልማድ እንውሰድ፤ ብዙ ሰው የስልክ ቁጥሩን የይለፍ ቃል ያደርጋል። በ09 የሚጀምሩ ባለ 10 አኃዝ ቁጥሮች ከ100 ሚሊዮን አይበልጡም። አንድ RTX 4090 ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ከ150 ቢሊዮን በላይ የኤምዲ5 ግምት ይሠራል፤ በሻ-256 ደግሞ ከ20 ቢሊዮን በላይ። ስለዚህ ቁጥሮቹን ሁሉ ሞክሮ ለመጨረስ በኤምዲ5 አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ በሻ-256ም አምስት ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃል። ሶልት ከሌለ ደግሞ ይህ አንድ ዙር በሰንጠረዡ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጋልጣል።

ሶልት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚወጣ የዘፈቀደ ቁራጭ ሲሆን ከይለፍ ቃሉ ጋር ሃሽ ይደረጋል፤ ገማቹንም ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ እንዲጀምር ያስገድደዋል። ነገር ግን ሶልት ብቻውን አይበቃም። 10,000 ተጠቃሚዎች ባሉበት ሰንጠረዥ ሶልት የተጨመረበት ኤምዲ5 ቢሆን፣ ከላይ ያለው ሥራ ለሁሉም ተደጋግሞ ከ10 ሰከንድ በታች ያልቃል። ያንኑ በቢክሪፕት፣ `cost` የሚባለውን የሥራ መጠን 12 አድርገን ብንሠራው ካርዱ በሰከንድ ከ1,400 ግምት ብዙም አያልፍም፤ ለአንድ ተጠቃሚ 20 ሰዓት ያህል፣ ለ10,000ዎቹ ደግሞ በዚያ አንድ ካርድ ከ22 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዘገምተኛነቱና ሶልቱ አብረው ሲሆኑ ነው ጥበቃው የሚገኘው።

ይህም ወሰን አለው። የተጠቃሚው ስልክ ቁጥር እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ከተጻፈ፣ ገማቹ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱኑ ስለሆነ ቢክሪፕትም አያድነውም። ስለዚህ የራሱን ስልክ የይለፍ ቃል የሚያደርገውን ሰው ምዝገባው ላይ መከልከል ያስፈልጋል። ባለ 4 አኃዝ ፒንም እንዲሁ ነው፤ 10,000ውን ሁሉ ለመሞከር በዚያው ፍጥነት ሰባት ሰከንድ ያህል ይበቃል።

ሶልቱን በራስ መፈልሰፍ

በኮዱ ውስጥ የተጻፈ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ አንድ የሆነ «ሶልት» ሶልት አይደለም። የተጠቃሚ ስምን ሶልት ማድረግም አይመከርም፤ `admin` የሚለው ስም በየሲስተሙ አለና። ትክክለኛው መሣሪያ በፒኤችፒ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦

```php
$hash = password_hash($pass, PASSWORD_BCRYPT, ['cost' => 12]);
$ok = password_verify($pass, $hash);
```

ሶልቱን ራሱ ያወጣል፤ ውጤቱ ውስጥም ያስቀምጠዋል። ከ`$2y$12$` ቀጥለው ያሉት 22 ሆሄያት ሶልቱ፣ የቀሩት 31 ሃሹ ናቸው። ሶልቱ መታየቱ ጉዳት የለውም። መጠኑ በአንድ ሲጨምር ሥራው በእጥፍ ስለሚያድግ፣ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ለክታችሁ አንድ መግቢያ ሩብ ሰከንድ ገደማ የሚወስድበትን ምረጡ፤ ከልክ በላይ ከሆነ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ሰርቨሩ ይታነቃል። አዲስ ሥራ ለሚጀምር አርጎን2 የተሻለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የይለፍ ቃል ሃሽ ውድድርን ያሸነፈ ሲሆን ከጊዜ በተጨማሪ ብዙ ሜሞሪ ስለሚበላ ለግራፊክስ ካርዶች አይመችም።

ዓምዱን ማሳጠር

`VARCHAR(255)` አድርጉት፤ በ50 ላይ የተቆረጠ ቢክሪፕት ማንንም አያስገባም።

ቢክሪፕት በ72 ባይት እንደሚያበቃ አለማወቅ

በእንግሊዝኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው 72 ባይት ብዙ ነው። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በአማርኛ ረጅም ሐረግ የይለፍ ቃል ያደረገ ሰው ከ24ኛው ፊደል በኋላ የጻፈው በ`password_hash()` ቢክሪፕት ዝም ብሎ ይጣላል። ለመፈተን ቀላል ነው፦ 30 ፊደል ያለው ቃል መዝግቡና የመጨረሻውን ፊደል ለውጣችሁ ለመግባት ሞክሩ። ከገባችሁ ወደ አርጎን2 ተሻገሩ፤ ካልተቻለ ደግሞ ከ72 ባይት የሚበልጠውን በግልጽ መልእክት አትቀበሉ።

አዲሱን አስገብቶ አሮጌውን መተው

አሽሊ ማዲሰን የተባለው የፍቅር ግንኙነት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዘረፍ የይለፍ ቃሎቹ በቢክሪፕት መጠን 12 የተቀመጡ ነበሩ። ነገር ግን ከዚያው የይለፍ ቃል በኤምዲ5 የተሠራ የመግቢያ ማለፊያ በሌላ ዓምድ ስለነበር፣ ቢክሪፕቱን ሳይነኩ በዚያ በኩል ከ11 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎች ተገኙ።

የድሮ የኤምዲ5 ሰንጠረዥ ያላችሁ ሁሉም ሰው እስኪገባ አትጠብቁ፤ ለዓመታት የማይመለስ ተጠቃሚ አለ። ያለውን 32 ሆሄ የኤምዲ5 ውጤት ዛሬውኑ በቢክሪፕት ሃሽ አድርጉት፤ የድሮ ተጠቃሚ ሲገባ የጻፈውን መጀመሪያ በ`md5()` ቀጥሎ በ`password_verify()` አሳልፉት፤ ከተሳካ የጻፈውን ራሱን በ`password_hash()` አድርጋችሁ ተኩት። ከዚያ አሮጌውን ዓምድ ሰርዙ፤ ያ ዓምድ ያለባቸውን የባክአፕ ፋይሎችም፣ ለሙከራ ተብለው በየላፕቶፑ የተገለበጡትን ጨምሮ፣ ፈልጋችሁ አጥፉ።