ከተቅማጥና ከብዙ ላብ በኋላ እግር በድንገት ሲዝል፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በመተማ ቆላ በሰሊጥ እርሻ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ የ30 ዓመት ጎልማሳ እናስብ። ተቅማጥ ከያዘው አምስት ቀን ሆኖታል፤ በቀን ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ይወጣል፤ ያም ሆኖ የቀን ገቢው እንዳይቀርበት ፀሐይ ላይ እየዋለ ነው፤ ወደ ሆዱ የሚገባውም ውኃና ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውነቱ ሲዝልበት በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ሄዶ «ጉልበት ይሆንሃል» ተብሎ ሁለት ከረጢት ግሉኮስ በደም ሥሩ ተሰጠው። ማምሻውን ቀለል ያለው መስሎት ወደ ማደሪያው ተመለሰ። ሌሊት ለመጸዳዳት ወጥቶ ቁጢጥ ካለ በኋላ ግን መነሣት አቃተው፤ ጓደኞቹ በብብቱ ይዘው ቢያቆሙትም ጉልበቱ ከዳው። ሲነጋ ሁለቱም ጭኖቹ ከፍራሹ አልነሣ አሉ። ባቱን ሲቆነጥጡት ያመዋል፣ ሽንቱንም ይቆጣጠራል፣ አእምሮውም ንቁ ነው፤ እግሩን ግን ማዘዝ አልቻለም።

ይህ ሰው የገጠመው የፖታሲየም እጥረት ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን፣ ከሰውነታችን አጠቃላይ ፖታሲየም 98 በመቶ የሚሆነው ግን ደም ውስጥ ሳይሆን በሴሎች ውስጥ፣ በተለይም በጡንቻ ውስጥ ይገኛል። በጡንቻ ሴል ውስጥ ያለው ክምችት በሊትር 140 ሚሊሞል ያህል ሲሆን ከሴሉ ውጭ ያለው 4 ብቻ ነው፤ ጡንቻው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል የሚወሰነውም በአመዛኙ በዚህ ልዩነት ነው። ከውጭ ያለው ወደ 2 ሲወርድ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የሴሉ ውስጠኛ ክፍልም ከወትሮው ይበልጥ ኔጋቲቭ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከነርቭ የሚመጣው መልእክት ይደርሳል እንጂ ጡንቻውን ለመቀስቀስ ጉልበት ያንሰዋል። ጡንቻው አልሞተም፣ ነርቩም አልተቆረጠም፤ ትእዛዙ ብቻ አልተያዘም። ከ2.5 በታች ሲወርድ ብዙውን ጊዜ መዛሉ ጎልቶ ይታያል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ «ምች ነው»፣ «ብርድ መታው» ብሎ መደምደም

ላብ ላይ የነበረ ሰው እግሩ ሲዝል ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ነፋስ መምታቱን ነው፤ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ እግሩም ይታሻል። ጉዳቱ በማሸቱ ብቻ ሳይሆን በሚባክነው ሰዓትም ነው፤ ምክንያቱም ከእግር የጀመረው መዛል ወደ ክንድ፣ ከዚያም ወደ መተንፈሻ ጡንቻዎች ሊወጣ ይችላል።

ተራ ድካምን ከዚህ ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። የደከመ ሰው መነሣት ባይፈልግም ሲገደድ ይነሣል፤ ፖታሲየሙ የወረደበት ሰው ግን እጁን ሳይደገፍ ከዱካ ላይ ተነሥ ቢሉት ይሞክርና ይቀራል። መዛሉ በአብዛኛው በሁለቱም እግሮች እኩል ነው፤ ከጣቶች ይልቅ ጭንና ዳሌ አስቀድመው ይሰንፋሉ፤ የመነካትና የሕመም ስሜት ግን እንዳለ ነው። አንድ ወገን ብቻ ከዛለ ወይም አፍ ከተጣመመ ስትሮክ ይታሰባል። ሽንት ከታገደና ከወገብ በታች ስሜት ከጠፋ ችግሩ ከሕብለ ሰረሰር ነው። ተቅማጡ ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ከእግር ጣት ጀምሮ እየነዘረ ወደ ላይ የሚወጣ መዛል ደግሞ ጊላን ባሬ የተባለ የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እግሩ በድንገት ሲለመሽ፣ መንስኤው ፖታሲየም ነው ተብሎ ቢታሰብ እንኳ፣ ለፖሊዮ ቅኝት ሪፖርት መደረግ አለበት።

ሁለተኛው፦ ፖታሲየሙ በላብ ወጣ ብሎ በውኃ ብቻ ለመተካት መሞከር

በላብ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጥቂት ነው፤ በሊትር 5 ሚሊሞል ገደማ ብንል አሥር ሊትር ያላበው ሰው በቀጥታ የሚያጣው 50 ብቻ ነው። ተቅማጥ ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው፤ የሚወጣው ፈሳሽ በእያንዳንዱ ሊትር ከላብ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፖታሲየም ይዞ ይሄዳል። ታዲያ ላብ ለምን ይጎዳል? ላብ በብዛት የሚያወጣው ጨውና ውኃ ነው። ሰውነት ጨውና ውኃ ሲጎድለው አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ይለቅና ኩላሊት በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም እንዲይዝ ያዛል፤ ኩላሊትም ሶዲየሙን ለማስቀረት ፖታሲየሙን በሽንት ይጥላል። ስለዚህ ተቅማጥና ላብ አንድ ላይ ሲመጡ ኪሳራው በሁለት በር ነው። እንዲህ ላለ ሰው ንጹሕ ውኃ ብቻ በገፍ ማጠጣት ያስወጣውን ጨውም ሆነ ፖታሲየም አይመልስለትም፤ ይባስ ብሎ የደሙን ሶዲየም አቅጥኖ ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል። በቤት የሚዘጋጀው የጨውና የስኳር ውኃ ከባዶ ውኃ ቢሻልም ፖታሲየም የለበትም። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦአርኤስ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ይይዛል፤ ተቅማጥ በያዘው ሰው እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኖር የነበረበትም እርሱ ነው።

ሦስተኛው፦ ግሉኮስን የጉልበት መድኃኒት ማድረግ

ከሁሉም በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ይህ ነው። በአገራችን ለደከመ ሰው ግሉኮስ ማስተከል እንደ ወግ ተይዟል፤ ሕመምተኛው ራሱ ይጠይቃል፣ ሳይሰጠው ቢመለስም ያልታከመ ይመስለዋል። አንድ ሊትር አምስት በመቶ ግሉኮስ ግን ውኃና 50 ግራም ስኳር እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ስኳሩ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ሴል ሲያስገባ ፖታሲየምንም አብሮ ያስገባል፤ ስለዚህ በደም ውስጥ የቀረችው ጥቂት ፖታሲየም በሰዓታት ውስጥ ይበልጥ ትወርዳለች። ከላይ ያነሣነው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ወደ ክሊኒኩ ሄዶ ሌሊት መነሣት ያቃተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተቅማጡ አምስት ቀን ሙሉ ገደል አፋፍ ላይ አደረሰው፣ ሁለቱ ከረጢቶች ገፈተሩት።

ስኳር የበዛበት ሻይም ሆነ ለስላሳ መጠጥ በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋሉ። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልም ፖታሲየምን ወደ ሴል የሚያስገባ ስለሆነ፣ ለደም ግፊት ወይም ለእብጠት የሚሰጡት ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በሽንት ስለሚያስወጡት፣ ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ለሐኪሙ መናገር አለበት። በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ካስፈለገ የሚመረጠው ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን ነው። ነገር ግን በሪንገር ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሊትር 4 ሚሊሞል ብቻ፣ በሳላይን ውስጥ ደግሞ ምንም ስለሆነ ሁለቱም ብቻቸውን የጎደለውን አይሞሉም።

አራተኛው፦ በሙዝ እፈወሳለሁ ማለት

ሙዝ ፖታሲየም አለው መባሉ እውነት ነው፤ ስሌቱን ግን ማን ሠራው? አንድ መካከለኛ ሙዝ 10 ሚሊሞል ያህል ይይዛል። የደሙ መጠን ወደ 2 የወረደ ሰው ከመላ ሰውነቱ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 800 ሚሊሞል ነው፤ ይህም ቢያንስ አርባ ሙዝ ማለት ነው፣ ያውም ተቅማጡ ቆሞ፣ አንጀቱም ተቀብሎት። ሙዝ፣ ድንችና ቲማቲም ከኦአርኤስ ጋር ተቅማጥ በጀመረው ሰው ላይ እጥረቱ እንዳይመጣ ይረዳሉ፤ ከወለሉ መነሣት ያቃተውን ሰው ግን አያነሡም።

አምስተኛው፦ ቶሎ እንዲሻለው መቸኮል፣ ወይም ያለ ምርመራ ክኒን መዋጥ

ፖታሲየም ክሎራይድ በአምፑል የሚመጣ ቢሆንም እንደ ሌላ መርፌ በቀጥታ በደም ሥር አይወጋም፤ እንዲህ ከተደረገ ልብን ያቆማል። በፈሳሽ ተበጥብጦ፣ በክንድ ደም ሥር በሰዓት 10 ሚሊሞል ገደማ እየተንጠባጠበ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚፈጥን ከሆነ የልብ ምት በመሣሪያ እየታየ መሆን አለበት። የፈሳሹ መንጠባጠብ ዘገየ ብሎ የቧንቧውን መቆጣጠሪያ በእጁ የሚያላላ አስታማሚ በዎርድ ውስጥ ጥቂት አይደለም፤ ሕመምተኛው ክንዱን አቃጠለኝ ሲልም ነርስ መጥራት እንጂ መቆጣጠሪያውን መንካት አይገባም።

በሌላ በኩል የፖታሲየም መብዛትም ጡንቻን ያዝላል። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ሽንቱ የቆመ፣ ወይም ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የሚያስቀሩትን ኢናላፕሪልን ወይም ስፓይሮኖላክቶንን የሚወስድ ሰው በግምት የገዛው ክኒን ሊገድለው ይችላል። በተለይ በፀሐይ ብዙ የሠራ ሰው ጡንቻው አሞት ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ጡንቻው እየተበጠሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ኩላሊቱ ሳይመረመር ፖታሲየም አይሰጠውም።

ስድስተኛው፦ አንድ ቁጥር አይቶ መዘናጋት

ደም ሲቀዳ ክንዱ ለረጅም ጊዜ ከታሰረ፣ ሕመምተኛው እጁን እየጨበጠ ከለቀቀ፣ ወይም ናሙናው በመንገድ ላይ ከተበላሸ ከጡንቻ ወይም ከቀይ የደም ሴሎች ፖታሲየም ይወጣና ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ምልክቱ እያለ ውጤቱ ደህና ቢመጣ ናሙናው ይደገማል፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢሲጂም ይነሣል፤ በኢሲጂ ላይ ቲ ሞገዱ ዝቅ ብሎ ከኋላው ዩ ሞገድ ብቅ ማለቱ የእጥረት ምልክት ነው። ሌላው የሚረሳው ማግኒዚየም ነው፤ በተቅማጥ እርሱም ይወጣል፣ እርሱ ካልተተካ ደግሞ ኩላሊት የተሰጠውን ፖታሲየም መልሶ በሽንት ያፈሰዋል።

የሠራተኛው ሕክምና በዚህ መንገድ ቢሄድ ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት ሆስፒታል ሲደርስ ፖታሲየሙ 2.1 ነው፤ ሽንት እየሸና መሆኑና ኩላሊቱ ይረጋገጣል። 40 ሚሊሞል የተጨመረበት አንድ ሊትር ሳላይን በአራት ሰዓት እንዲያልቅ ሆኖ ይሰቀላል፤ ሲያልቅም ሌላ ይተካል። መዋጥ ስለሚችል በአፉም እያንዳንዳቸው 8 ሚሊሞል ከያዙት ባለ 600 ሚሊግራም ክኒኖች አምስት ከምግብ ጋር ይሰጡታል፣ ማታም ይደገማሉ፤ ማግኒዚየምም ይጨመርለታል። በየአራት ሰዓቱ ገደማ ደሙ ይታያል፤ አተነፋፈሱም ይጠበቃል፣ መዋጥ ከከበደው ወይም በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ መቁጠር ካቃተው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይወሰዳል። በማግስቱ ቁጥሩ 2.8 ሲሆን ተረከዙን ከአልጋው ያነሣል፤ በሦስተኛው ቀን 3.6 ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ ሳይደገፍ ይነሣል። ከዚያም የሴሎቹ ክምችት ገና ስላልሞላ ክኒኑን ለጥቂት ቀናት ይዞ፣ ኦአርኤስ ተሰጥቶት፣ በሳምንቱ ለድጋሚ የደም ምርመራ ተቀጥሮ ይወጣል።