የመልእክታችሁን የመጨረሻ መስመር እንዴት ትጽፋላችሁ? አንባቢው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት እንዲያውቅ

የምኖርበት ብሎክ 24 ቤቶች አሉት። በጥቅምት 2018 የጋራ የውኃ ፓምፓችን ሞተር ተቃጠለ፤ የላይኞቹ ፎቆችም ውኃ አጡ። የኮሚቴው ጸሐፊ ስለነበርኩ ሰኞ ማታ ለነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን ይህን ጻፍኩ።

«ውድ ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እንደሚታወቀው የፓምፓችን ሞተር ከተቃጠለ ቀናት ተቆጥረዋል። አዲስ ገዝቶ ለማስገጠም 36,000 ብር እንደሚያስፈልግ ባለሙያ ነግሮናል። ስለዚህ ሁላችንም ብናስብበትና አስፈላጊው ቢደረግ መልካም ነው። የደረጃው መብራት ጉዳይም አለ። የጥበቃ ደመወዝ ያልተከፈለም እንዲከፈል። ሐሳብ ያላችሁ ሐሳብ ስጡ። ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

እስከ ረቡዕ ጠዋት ብዙ ምርቃት መጣ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ»፣ «በርቱ»፣ የተጣመሩ እጆች ምስል። ስለ ደረጃው መብራት ረጅም ክርክር ተነሣ። አንድ ብር ግን አልገባም። መጀመሪያ በጎረቤቶቼ አዘንኩ። ጽሑፉን እንደ ተቀባይ ሆኜ ደግሜ ሳነበው ግን ገንዘብ እንዲከፈል የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር አጣሁበት። ለአንድ ቤት ስንት እንደሚደርስ፣ ወዴት እንደሚገባና እስከ መቼ እንደሆነም አልተጻፈም። ሰዎቹ የተጠየቁትን ሁሉ አድርገዋል፤ አስበውበታል፣ ሐሳብም ሰጥተዋል።

ጽሑፉን እንደገና የሠራሁበትን መንገድ በቅደም ተከተል እነሆ።

1. የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ጻፉ

ሰላምታውን ከመጀመራችሁ በፊት አንባቢው ስልኩን ሲያስቀምጥ ምን አድርጎ እንዲያስቀምጠው እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ግሡ በዓይን የሚታይ ሥራ ይሁን፤ አስገቡ፣ ፈርሙ፣ ደውሉ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። «አስቡበት»፣ «ተባበሩ»፣ «ትኩረት ስጡ» የሚሉት ግሦች ችግራቸው መፈጸም አለመፈጸማቸውን ጸሐፊውም አንባቢውም ማወቅ አለመቻላቸው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ የምትጠይቁትን ገና አልወሰናችሁም ማለት ነው፤ መልእክቱ ይቆይ። የእኔም የሰኞው መልእክት በሽታ ይህ ነበር። ኮሚቴው መዋጮውን በነፍስ ወከፍ ይሁን በቤት ገና አልተስማማም ነበርና ጉዳዩን «አስፈላጊው ቢደረግ» በሚል ቃል ሸፈንኩት። ረቡዕ ማታ ተሰብስበን በቤት እንዲሆን ወሰንን፤ ለእያንዳንዱ ቤት 1,500 ብር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ያለ ችግር ተጻፈ።

2. ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሌላ ቀን አሳድሩ

በሰኞው መልእክት ውስጥ ሞተር፣ መብራትና የጥበቃ ደመወዝ ነበሩ። ሰው ከሦስት ጥያቄዎች የሚመርጠው የሚቀለውን ነው፤ በእኛም ቡድን የቀለለው ስለ መብራት መከራከር ሆነ። «እንዲሁም»፣ «በተጨማሪም»፣ «ሳንረሳው» የሚሉት ቃላት ከመጨረሻው አንቀጽ ላይ ብቅ ካሉ ሁለተኛ መልእክት እየጻፋችሁ ነው። ቆርጣችሁ አውጡትና በሌላ ቀን ላኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ። ገንዘቡን ማስገባትና በምክንያት መጻፊያው ላይ የቤት ቁጥር መጻፍ ሁለት ሥራ ይመስላል፤ ግን ሁለቱም በአንድ መቀመጫ፣ በአንድ ገጽ ላይ ያልቃሉ። ስለዚህ እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። አንባቢው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወይም ሌላ ሰው ጠብቆ የሚሠራው ሲሆን ግን በርግጥም ሌላ እርምጃ ነው።

3. አድራጊው ማን እንደሆነ ግሡ ራሱ ይናገር

አማርኛችን በዚህ በኩል ሁለት መልክ አለው። ግሡ «ክፈል»፣ «ክፈዪ»፣ «ይክፈሉ»፣ «ክፈሉ» እያለ ተጠያቂውን በአንዲት ቃል መለየት ይችላል። በሌላ በኩል «ይከፈል»፣ «ቢደረግ»፣ «እንዲታሰብበት» እያለ አድራጊውን ጨርሶ ይሰውረዋል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለመድነው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ጨዋነት ስለሚመስለን ወደ ቤታችንም ይዘነው እንገባለን። ጨዋነቱን ሳይለቁ አድራጊውን መግለጥ ይቻላል፦ «ያስገቡልን»፣ «ይላኩልኝ» አክብሮት አላቸው፣ ባለቤትም አላቸው።

በጽሑፍ ላይ ደግሞ የሚያደናግር ነገር አለ። ፊደላችን የድምፅን መጥበቅ አያሳይምና «ሰነዶች ይላኩ» የሚለው «እርስዎ ይላኩ» ይሁን «በአንድ ሰው ይላኩ» አይለይም። «ሰነዶቹን ይላኩልኝ» ስትሉ አንዲቷ «ን» እና «ልኝ» ጥርጣሬውን ያጠፉታል።

ለቡድን ስትጽፉ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተሳታፊዎች ለየብቻ ክፍል ተቀምጠው ሌላ ሰው በድንገት ሲታመም በድምፅ ማስተላለፊያ ይሰማሉ። ሰሚው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ እርዳታ ሊጠሩ ተነሡ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን የተነሡት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። «ሁላችንም» የሚለውን ቃል ከመልእክቴ ያወጣሁት ይህን አስቤ ነው። በምትኩ «እያንዳንዱ ቤት» አልኩ፤ የቤት ቁጥር ስም ያህል ነውና።

4. ቀኑንና ሰዓቱን ሰው እንዳይጠይቃችሁ አድርጋችሁ ጻፉ

«በቅርቡ»፣ «በተቻለ ፍጥነት»፣ «ሰሞኑን» አይሠሩም። «ነገ» እንኳ መልእክቱ ማታ ተልኮ ጠዋት ሲነበብ ሌላ ቀን ይሆናል። የቀኑን ስም ከቀን ቁጥሩ ጋር አብራችሁ ጻፉ፦ ዓርብ ጥቅምት 14። አንዱን ብትሳሳቱ ሌላው ያጋልጣችኋል።

ሰዓቱ ላይ የጠዋቱንና የምሽቱን ቃል አትርሱ። በብሎካችን አንዷ የቤት ባለቤት የምትኖረው ዋሽንግተን ነው። «2 ሰዓት» ብዬ ብቻ ብጽፍ እዚያ ከለመደችው አቆጣጠር ተነሥታ ከቀትር በኋላ አድርጋ ልትወስደው ትችላለች። «በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ስል ግን በዚያ ወር ሰባት ሰዓት ቀንሳ ለእርሷ በዚያው ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት እንደሆነ ታውቃለች። በውጭ አገር ላለ ዘመድ የምትጽፉ ከሆነ የፈረንጁን ቀንም ጨምሩ፤ ጥቅምት 14 በዚያ ዓመት ኦክቶበር 24 ነበር።

የጊዜ ገደቡ ምክንያት ካለው በአጭሩ ንገሩ። ሻጩ ዋጋውን የሚያቆይልን እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ምክንያት የሌለው ገደብ ግን አትፍጠሩ፤ አንድ ጊዜ ሲታወቅባችሁ ቀጣዩን ገደብ የሚያምን አይኖርም።

5. ምስጋናውን ከፍ፣ ጥያቄውን ዝቅ አድርጉ

ሰላምታ፣ ምክንያት፣ ምስጋና፣ ከዚያ አንድ መስመር ባዶ ትታችሁ ጥያቄው ብቻውን ይቁም። ከእርሱ በታች ምንም አትጻፉ። ሥራውን ለመፈጸም የሚያስፈልገው፣ ማለትም የሒሳብ ቁጥሩ፣ የተቀባዩ ስምና መጠኑ፣ እዚያው መልእክት ውስጥ ይኑር። «ባለፈው የላክነውን ተመልከቱ» የተባለ ሰው ወደ ላይ ሲፈልግ ሌላ ወሬ ያገኝና እዚያው ይቀራል። በወረቀት በሚጻፍ ደብዳቤ «ከሠላምታ ጋር» እና ፊርማ ከታች መሆናቸው የግድ ነው፤ እዚያ ጥያቄውን ከስንብቱ በላይ ያለው የመጨረሻ አንቀጽ አድርጉት።

ሐሙስ ጠዋት የላክሁት ይህን ነው።

«ውድ ጎረቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ? የተቃጠለውን የፓምፕ ሞተር ለመቀየር 36,000 ብር ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ቤት 1,500 ብር ይደርሳል። ሻጩ በዚህ ዋጋ የሚያቆይልን እስከ ቅዳሜ ነው። የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስለ ትዕግሥታችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

እባካችሁ እስከ ነገ ዓርብ ጥቅምት 14፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ፣ እያንዳንዱ ቤት 1,500 ብር አስገቡ፤ በምክንያት መጻፊያው ላይ የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ።»

6. የሚመጣውን መልስ መርምሩ

መልእክቱ እንደሠራ የሚታወቀው በመልሱ ዓይነት ነው። «እሺ» ብቻ ከሆነ ጥያቄው ተሰምቷል እንጂ አልተፈጸመም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቋችሁ መልሱ ከመልእክቱ ጎድሏል፤ ከሥር እየመለሳችሁ አትቀጥሉ፣ ዋናውን አርሙት። እኔን ሦስት ሰዎች «ተከራይ ነው ወይስ ባለቤት የሚከፍለው?» ብለው ጠየቁኝ። «ባለቤቱ» የሚለውን ጨምሬ አረምኩት።

ዓርብ ማታ 19 ቤቶች ከፍለው ነበር። ለቀሩት አምስቱ በቡድኑ ውስጥ «ያልከፈላችሁ» ብሎ መጻፍ ማሳፈር ነውና በግል ሄድኩባቸው። በዕድሜ ለሚበልጡኝ ጎረቤት የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ሞተሩን ነገ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ልንገዛ ነው። ከዚያ በፊት 1,500 ብሩን ያስገቡልን፤ ካልተመቸዎት ይደውሉልኝ።» ሁለት መንገድ አለው፤ ሆኖም ለአንድ ሰው የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው፣ የተቸገረ ሰውም ክብሩን ጠብቆ የሚወጣበት በር ያገኛል። ምድር ቤት ለሚኖሩት እማማ ግን መልእክት አልላክሁም። ዘመናዊ ስልክ የላቸውም፤ በራቸውን አንኳኳሁ።

7. የምትጠይቁት ነገር ከሌለ ይህንኑ ጻፉ፤ አስቀድማችሁ ግን አረጋግጡ

ለማሳወቅ ብቻ የተላከ መልእክት «ከእናንተ የሚጠበቅ ነገር የለም» በሚል ቢያልቅ አንባቢውን ከመጠራጠር ያድነዋል። የሐዘን መልእክት ግን ይህም አያስፈልገውም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላችሁ ተዉት።

ሰኞ ሞተሩ ሲገጠም ለነዋሪዎች «ውኃው ዛሬ ይለቀቃል፤ ከእናንተ የሚጠበቅ ነገር የለም» ብዬ ልልክ ጣቴን አንሥቼ ነበር። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ከአጠገቤ ሆና «ቧንቧ ከፍቶ ወደ ሥራ የሄደ የለም ብለህ ነው?» አለችኝ። ውኃ በጠፋበት ቤት ቧንቧ ተከፍቶ እንደሚረሳ ሁላችንም እናውቃለን፤ ውኃው ሲመጣም የሚወርደው ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ነው። የመጨረሻውን መስመር አጥፍቼ እንዲህ አልኩ፦

«ውኃው ዛሬ ሰኞ ጥቅምት 17 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይለቀቃል።

እባካችሁ ከዚያ በፊት የቤታችሁ ቧንቧዎች ሁሉ መዘጋታቸውን ተመልከቱ።»