ረቂቅ ፊልም ለጥቂት ሰዎች ስናሳይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ የሠራነው አጭር ፊልም 22 ደቂቃ ይረዝማል። ታሪኩ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ረቂቅ ቅንብሩን ለሰው ስናሳይ ያልሠራነው ስህተት የለም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የጠራነው የራሳችንን ሰዎች ነበር። ስክሪፕቱን ያነበበ ሰው ግን ፊልሙ ላይ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ያያል። ታሪኩን የማያውቁ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዎች ይበቃሉ። ከስድስት ሰው ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ እዚያ ችግር አለ።

ሁለተኛው ስህተት መግቢያ ማብዛት ነው። «ድምፁና ቀለሙ ገና አላለቀም» ብላችሁ መብራቱን አጥፉ። ስለ ታሪኩ አንድ ቃል ካስረዳችሁ ፊልሙ ብቻውን ይቆም እንደሆነ አታውቁም።

ሦስተኛው፣ እኛም አብረን ስክሪኑን ማየታችን ነው። ፊት ለፊት ጥግ ይዛችሁ የተመልካቾቹን ፊት ተመልከቱ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ደቂቃና ሰከንድ የሚቆጥር ቁጥር ይኑር። ማስታወሻችሁ ላይ «ሰለቻቸው» ብላችሁ አትጻፉ፤ «9፡40፣ ሁለት ሰዎች ስልክ ነኩ፣ አንዷ ጎረቤቷን ጠየቀች» ብላችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። ፍርዱ ነገ ይደርሳል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያዛጋ ምንም አይደለም፤ የሚፈለገው ብዙዎች በአንድ ጊዜ የተነቃነቁበት ቦታ ነው።

«ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅማ ከንቱ ነው። ቡናችሁን የጠጣ እንግዳ ይሉኝታ ይዞት «በጣም ቆንጆ ነው» ይላል። ታላቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ደግሞ ሌላው «ጋሼ እንዳሉት» እያለ ይከተላል። ስለዚህ ቡናውም ውይይቱም ከወረቀቱ በኋላ ይሁን። እያንዳንዱ ለብቻው ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ የት ግር እንዳለው፣ የት እንደረዘመበትም ይጨምር።

እኛን ከሁሉም በላይ ያስከፈለን ተመልካች ያዘዘውን መድኃኒት እንዳለ መውሰድ ነው። ታሪኩን ከማያውቁ ስድስት ተመልካቾች አራቱ 9ኛው ደቂቃ ላይ ያለው የመረቡ ጠብ ረዝሟል፣ ይቆረጥ አሉ። 40 ሰከንድ ቆረጥን። ለሌሎች አምስት ሰዎች ስናሳይ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ረዘመ ተባልን። ወደ መጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ስንመለስ ሦስት ሰዎች ታላቅ ወንድሙን «አሠሪው» ብለው ጽፈውታል። ለካ ወንድማማችነታቸውን የምትናገረው ብቸኛ ቃል 3ኛው ደቂቃ ላይ በጀልባው ሞተር ጩኸት ተውጣለች! የማይዛመዱ ሰዎች ስለ መረብ ሲጨቃጨቁ ማን ይታገሣል?

ያንን ቃል እንደገና ቀድተን አስገባን፣ የቆረጥነውንም መለስን። የቀድሞዎቹ ተመልካቾች ባለታሪኮቹ ወንድማማች መሆናቸውን አሁን ስለሚያውቁ ለፈተና አይሆኑም፤ ሌሎች አምስት ጠራን። ጠቡ ላይ ረዘመ ያለ አልነበረም። አንዱ ብቻ ስልኩን አነሣ፤ ሚስቱ ደውላለት ነው።