ነጭ ሽንኩርት በዘይት አድርጎ ውጪ ማስቀመጥ ለምን አደገኛ ነው? ታዲያ እንዴት እናቆየው?

ሐሙስ የጅማ ገበያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ነጭ ሽንኩርት ነው። ዋጋው ቀለል ሲል ብዙ ይገዛል። ከዚያ ይላጣል፣ ከዝንጅብል ጋር ይፈጫል፣ በባዶ የማዮኔዝ ጠርሙስ ይሞላል፣ እንዳይበላሽ ተብሎም ዘይት ይፈስበታል። ጠርሙሱ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና ወጥ በተሠራ ቁጥር በማንኪያ እየተቀነሰ ይበላል። አንዳንዱ ደግሞ የጥብስ ቅጠል ወይም በሶብላ ከነእርጥበቱ ዘይት ውስጥ ይዘፈዝፋል።

ሥራ ያቀልላል፤ እሱን አልክድም። ግን ይህ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ካልገባ ሰው ሊገድል ይችላል። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ቀጥሎ ያሉትን እርምጃዎች ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ላስረዳ።

አፈር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ነጭ ሽንኩርት የሚበቅለው አፈር ውስጥ ስለሆነ ባክቴሪያው አብሮት ሊመጣ ይችላል። የሚመጣው ግን ተኝቶ ነው፤ ስፖር የሚባል ጠንካራ ልባስ ለብሶ። ተኝቶ እያለ ጤነኛ አዋቂ ሰው ቢበላው ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርገውም። እንዲነቃ የሚያስፈልጉት ነገሮች አየር የሌለበት ቦታ፣ እርጥበት፣ ዝቅተኛ ኮምጣጣነት እና ሙቀት ናቸው። አሁን ጠርሙሱን እንየው። ዘይቱ አየር ይከለክላል። ነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ ውኃ አለ። ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላል እንጂ ኮምጣጣ አይደለም። የጅማ ማጀት ደግሞ ሞቅ ያለ ነው። ሁሉም ተሟላ ማለት ነው። ባክቴሪያው ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ይህ መርዝ የሚያመጣው በሽታ ቦቱሊዝም ይባላል፤ ነርቭ ጡንቻን እንዳያዝ ያግዳል፣ ሲከፋም ትንፋሽ ያቆማል።

ከሁሉ የሚያስፈራው መርዙ ሽታ ላይኖረው፣ ጣዕምም ላይለውጥ መቻሉ ነው። አረፋ ወይም ሻጋታ ካልታየ ደህና ነው ማለት አይቻልም። «አሽትቼዋለሁ፣ ምንም የለውም» የሚለው ማረጋገጫ እዚህ አይሠራም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ የሆነው ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በአንድ ምግብ ቤት የበሉ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመሙ። ምንጩ በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ሲገባው ውጪ ቆይቷል። በሽታው እምብዛም የማይታይ ስለሆነ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተነገራቸው ሌላ ሕመም ነበር። በ1989 ደግሞ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ እንዲሁ በወይራ ዘይት ከተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 3 ሰዎች ታመሙ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብ ተቆጣጣሪ በዘይት የሚሸጥ ነጭ ሽንኩርት አሲድ እንዲጨመርበት አስገደደ። ሱቅ ውስጥ የታሸገውን ስትገዙ ከተዘረዘሩት ግብዓቶች መካከል አሲድ የምታዩት ለዚህ ነው። የእኛ የማጀት ጠርሙስ ግን ይህ የለውም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ነጭ ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ባበስለውስ?» የሚል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስፖሩ በመፍላት አይሞትም። እሱን ለመግደል 121 ዲግሪ ያህል ሙቀት ለደቂቃዎች ያስፈልጋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ ራሱ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ዘይት ግን ከውኃ በላይ ይግላል» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ዘይቱ ይግላል። የነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ ግን አይግልም። ቁራሹ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ መሃሉ ከውኃ መፍያ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ለስለስ ብሎ ዘይት ውስጥ የበሰለ ነጭ ሽንኩርት ስፖሩን እንደያዘ ይቆያል። እንዲያውም ነገሩን ያባብሰዋል። ማብሰሉ ሌሎቹን ጀርሞች ይገድላል፣ አየሩንም ያስወጣል፤ ቦቱሊነም ተቀናቃኝ የሌለበት ቤት ያገኛል። አብስሎ ወዲያው መብላት ምንም ችግር የለውም። አብስሎ ዘይቱ ውስጥ እንዳለ መደርደሪያ ላይ መተው ነው ችግሩ።

ሎሚ መጭመቅም መፍትሔ አይደለም። የሎሚ ውኃ ከዘይት ጋር አይዋሃድም። አሲዱ ደግሞ ቁራሹ መሃል ድረስ መግባት አለበት። ፋብሪካዎች ይህን የሚያደርጉት በልክ በተመጠነ አሲድ ዘፍዝፈው፣ እየለኩ ነው። ቆንጥሮ የተነሰነሰ ጨውም እንዲሁ፤ ለጣዕም እንጂ ለመከላከያ አይበቃም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ገዛችሁ እንበል።

1. ፍሪጅ ከሌላችሁ አትላጡት።

እዚሁ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ጥላ ቦታ፣ በቅርጫት ወይም በመረብ ተደርጎ ለሳምንታት ይቆያል። ፌስታል ውስጥ አታፍኑት፤ በተለይ በክረምት ይሻግታል። የሚያስፈልገውን ያህል ዕለቱን ላጥ አድርጎ በሙቀጫ መውቀጥ ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ለመውቀጥ የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል አይደለም፣ ሽታውም ከተቀመጠው ይበልጣል። እኔ ፍሪጅ ላለውም ቢሆን መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው።

2. ፍሪጅ ካላችሁ ልጣችሁ፣ አጥባችሁ ፍጩት።

የሻገተና የለሰለሰ ፍሬ ካለ ይጣል። ማጠቡ አፈሩን ይቀንሳል፤ ስፖሩን ግን ሁሉንም አያስወግድም። ስለዚህ «በደንብ አጥቤዋለሁ» ብላችሁ ቀጣዩን እርምጃ እንዳትዘሉ። ዝንጅብል ከጨመራችሁ እሱም የአፈር ውስጥ ነው፣ ሕጉ አንድ ነው። የጁስ መፍጫ ያለ ፈሳሽ አልፈጭ ካለ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ወዲያው በረዶ ቤት እስከገባ ድረስ ዘይት መኖሩ አያሳስብም።

3. የሳምንቱን ሳይሆን የጥቂት ቀኑን ለዩ።

በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ የምትጨርሱትን ብቻ በትንሽ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ክተቱ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ የተፈጨበትን ቀን ጻፉ። አራተኛው ቀን ሲያልፍ የተረፈው ይጣላል። ወጥ ስትሠሩም የሚበቃችሁን ቀንሱና ዕቃውን ወዲያው መልሱት፤ ምድጃው አጠገብ ማዋል ፍሪጅ ውስጥ አለማስገባት ነው።

4. ቀሪውን በሙሉ በረዶ አድርጉት።

ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። የተፈጨውን በበረዶ መሥሪያ ትሪ ላይ በማንኪያ እየለካችሁ አስቀምጡ፤ በአንድ ጉድጓድ ለአንድ ወጥ የሚበቃ። በረዶ ሲሆን እያወጣችሁ በወፍራም ፌስታል ጠቅልሉና እዚያው በረዶ ቤት መልሱ። ትሪ ከሌለ በንጹሕ ፌስታል በስሱ አንጥፋችሁ በረዶ አድርጉት፤ ከዚያ እንደ ቸኮሌት እየሰበሩ መጠቀም ይቻላል። በረዶ ሆኖ ባለበት ባክቴሪያው አይራባም። ለወራት ይቆያል። ለማቅለጥ ውጪ አታስቀምጡት፤ እንደ በረደ ቁሌቱ ላይ ጣሉት።

መብራት ሲጠፋስ? በረዶ ቤቱን አትክፈቱ። ሙሉ ከሆነ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜውን ሊይዝ ይችላል። ሲከፈት በረዶው ገና ካለበት መልሶ በረዶ ማድረግ ይቻላል። ቀልጦ ሞቅ ካለ ግን አትሳሱለት። የታችኛው ፍሪጅ የሚችለው ሳይከፈት 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መብራት ከጠፋ ዘይት ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት ይደፋ።

5. ቅጠሎቹን አድርቁ።

የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፤ ሁሉም ጥላ ውስጥ ደርቀው በደረቅ ብልቃጥ ይቀመጣሉ። ዘይት አያስፈልጋቸውም። እርጥብ ቅጠል ዘይት ውስጥ ከነከራችሁ ግን እንደ ነጭ ሽንኩርቱ ቁጠሩት፤ ፍሪጅ ውስጥ፣ ለአራት ቀን።

ንጥር ቂቤም ነጭ ሽንኩርት ይገባበት የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይገባበታል፤ ግን ቂቤው ሲነጠር ውኃው ተንኖ ያልቃል፣ ቅመሙም ተጣርቶ ይወጣል። ባክቴሪያው የሚኖርበት እርጥብ ቁራሽ አይቀርም። ስለዚህ ማጥለያው ጠበቅ ያለ ይሁን፣ አተላውንም አብራችሁ አትገልብጡ።

አሁን መደርደሪያችሁ ላይ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ካለ ምን ይደረግ? እንዳትቀምሱት። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ዘግይቷል፤ ቅዝቃዜ ቀድሞ የተመረተውን መርዝ አያጠፋውም። ከነክዳኑ በሁለት ፌስታል አስራችሁ፣ ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ጣሉት። የፈሰሰ ካለ በውኃ በተበጠበጠ በረኪና ጥረጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እርግጥ ነው፣ ጎረቤታችሁ «ስንት ዓመት እንዲህ ሳስቀምጥ ምንም ሆኜ አላውቅም» ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ጠርሙስ ስፖር አይኖርበትም። የትኛው እንዳለበት ግን ከውጪ ማወቅ አይቻልም።

ከእንዲህ ያለ ጠርሙስ የበላ ሰው ካለ ምልክቱን እወቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ከሳምንት በላይ ሊዘገይም ይችላል። ማየት ይደበዝዛል ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያቅታል። ድካሙ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ትኩሳት ብዙውን ጊዜ የለም፤ ሰውየውም ልቡን አይስትም። እስኪሻለው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ምንም አታጠጡት፤ ሊያንቀው ይችላል። ቀንም ሆነ ሌሊት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። መርዙን የሚያከሽፈው መድኃኒት ገና ነርቭ ላይ ያልተጣበቀውን እንጂ የተጣበቀውን አይመልስም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ሐኪሙን ስታገኙ «ውጪ የተቀመጠ ዘይት ውስጥ ያለ ነጭ ሽንኩርት በልቷል» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ መቼ እንደበላም ጨምሩ። ሌላ ማን አብሮ እንደበላ አስታውሱና እነሱንም ጥሩ።