ከፎቶ የመጣ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ ሲያርሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ተማሪ የሚያስጠና ሰው ማታ ቴሌግራሙን ሲከፍት የሚያገኘው መልእክት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ የደብተር ገጽ ፎቶ፣ ከላይ ሥዕል፣ ከሥሩ ተራ በተራ የተጻፈ ማረጋገጫ፣ መጨረሻ ላይ «ልክ ነው?» የምትል አጭር ጥያቄ። ከዚህ በታች ያለው ማረጋገጫ በየክፍሉ በተለያየ መልክ የሚመላለስ ነው። አምስቱም እርምጃዎች እውነት ናቸው። ማረጋገጫው ግን አይቆምም።

```
የተሰጠ፦    AB = AC
          D የሚገኘው BC ላይ ነው
          AD ∠BACን ለሁለት እኩል ይከፍላል
ይረጋገጥ፦   BD = DC

1. AB = AC         የተሰጠ
2. ∠ABD = ∠ACD     የእኩል ጎኖች ተቃራኒ ማዕዘኖች እኩል ናቸው
3. AD = AD         የጋራ ጎን
4. △ABD ≡ △ACD     በጎን-ማዕዘን-ጎን
5. BD = DC         የኮንግሩዌንት ጎነ ሦስቶች ተጓዳኝ ጎኖች
```

ፎቶውን እንደ ሥዕል ማመን

የመጀመሪያው ስህተት ገና ማንበብ ሳይጀመር ይፈጸማል። ስልኩ ከገጹ በላይ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ለሌንሱ የቀረበው ጎን ይረዝማል፣ የራቀው ያጥራል፤ 90 ዲግሪ የነበረው ማዕዘንም ጠበብ ወይም ሰፋ ብሎ ይታያል። ደብተሩ ጭን ላይ ወይም መቀመጫው ጎድጎድ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከተነሳ ደግሞ ቀጥታ መስመሩ ራሱ ይጎብጣል። ስለዚህ ከፎቶ ላይ በዓይን የተለካ እኩልነት ለማረምም ለመቃወምም አይሆንም።

ከፎቶው የሚፈለገው ፊደሎቹ፣ ምልክቶቹና ጽሑፉ ብቻ ነው። ሰማዩ ደመና ሲሆን ክፍል ውስጥ ይጨልምና ተማሪው ፍላሽ ያበራል፤ በእርሳስ የተሠራችው ጭረት በነጸብራቁ ትጠፋለች። ቴሌግራምም ፎቶን አጭቆ ስለሚልክ አንዲት ጭረት ከሁለት ጭረት መለየት ያቅታል። ተማሪው መስኮት አጠገብ ሆኖ ፍላሽ ሳያበራ እንዲያነሳና እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ ይንገሩት። የጥያቄው ዐረፍተ ነገር ከገጹ አናት ላይ ተቆርጦ ከሆነ ግን እርማቱን አይጀምሩ። የተሰጠው ነገር ካልታወቀ «የተሰጠ» የሚለውን ምክንያት ማረም አይቻልም።

እርምጃው እውነት ስለሆነ ምክንያቱን ማለፍ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ልምድ ያለው አራሚም ይሠራዋል። እርምጃ 4ን ይመልከቱ። ሁለቱ ጎነ ሦስቶች በእርግጥ ኮንግሩዌንት ናቸው፣ ቢደራረቡ ልክ ይገጥማሉ። አራሚው ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ጥያቄው ግን «ይህ እውነት ነው?» አይደለም። ጥያቄው «ከእርምጃ 1፣ 2 እና 3 ብቻ ተነስቶ በተጠቀሰው ሕግ እዚህ ይደረሳል?» ነው።

መለያው ቀላል ነው፣ ማስመሪያና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። ሦስቱን እርምጃዎች የሚያሟላ፣ መደምደሚያውን ግን የሚያፈርስ ሥዕል ለመሥራት ይሞክሩ። BCን 6 ሴንቲ ሜትር አድርገው ያስምሩ። ከመካከሉ ቀጥ ብለው 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይውጡና A ብለው ይሰይሙ፤ ABም ACም 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። አሁን Dን መካከል ላይ ሳይሆን ከB 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያስቀምጡ።

እስቲ ይቁጠሩ። AB = AC ነው፣ ሁለቱም 5 ናቸው። ∠ABD እና ∠ACD እኩል ናቸው፣ D የትም ብትሄድ አይለወጡም። AD ከራሱ ጋር እኩል ነው፤ ርዝመቱ 4.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱም እርምጃዎች ቆመዋል። BD ግን 4፣ DC ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። የተማሪው ምክንያት ቢሠራ ኖሮ BC ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ መካከለኛ ነጥብ በሆነ ነበር።

የሕጉን ስም አንብቦ የማዕዘኑን ቦታ አለማየት

ታዲያ ምን ጎደለ? ተማሪው ሁለት ጎንና አንድ ማዕዘን አግኝቷል፣ በአፍ ኤስ-ኤ-ኤስ የሚሉትን ሕግ ጠቅሷል። አራሚው ጎን፣ ማዕዘን፣ ጎን ብሎ ቆጥሮ ሦስት ሲሞላለት ያልፋል። ሕጉ ግን ቁጥር ብቻ አይጠይቅም፤ ማዕዘኑ በሁለቱ ጎኖች መካከል ታቅፎ እንዲገኝ ይጠይቃል።

ይህን ሥዕሉን እንኳ ሳያዩ ከፊደሎቹ ማወቅ ይቻላል። ጎኖቹ AB እና AD ናቸው። የሚጋሩት ፊደል A ነው፤ ስለዚህ የማዕዘኑ ስም መካከለኛ ፊደል A መሆን አለበት። ተማሪው ያቀረበው ∠ABD ነው፣ መካከለኛ ፊደሉ B። አይገጥምም። ፎቶው የቱንም ያህል ቢደበዝዝ ይህች ዘዴ አታሳስትም፤ በእኛ ግምት ለዚህ ዓይነት እርማት ከሁሉ የምትጠቅመው እሷ ናት።

ተማሪው «ለምን አይሆንም?» ካለ የበሩን ምሳሌ ያሳዩት። ABን 5 ሴንቲ ሜትር፣ የBን ማዕዘን እንዳለ ይያዙ። ADን 4.1 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ A ላይ የታጠፈ በር አድርገው ያወዛውዙት፣ በኮምፓስም ቢሆን። የበሩ ጫፍ BCን ሁለት ቦታ ይነካል፤ አንዱ ከB 2፣ ሌላው ከB 4 ሴንቲ ሜትር ላይ። ሁለት ጎንና ያልታቀፈ ማዕዘን እኩል ሆነው ሁለት የተለያዩ ጎነ ሦስቶች ወጡ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን ከሌላው ሲያጥር ነው። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ከሆነ ግን በሩ ሁለት ምርጫ የለውም፤ ለዚህ ነው ሃይፖቴነስና አንድ ጎን ለቀጤ ጎነ ሦስት የሚበቁት። እዚህ ያለው የB ማዕዘን ግን 90 ዲግሪ ስላልሆነ ያ ሕግ አያድነውም።

ሥራ ላይ ያልዋለውን የተሰጠ ነገር አለመቁጠር

ወደ ገጹ አናት ይመለሱና በተሰጡት ሦስት ነገሮች ላይ ጣትዎን ያሳርፉ። AB = AC እርምጃ 1 ላይ ውሏል። D BC ላይ መሆኑ እርምጃ 2 ውስጥ ተደብቆ አለ፤ ∠ABD የጎነ ሦስቱ የB ማዕዘን ራሱ የሆነው በዚህ ነው። AD ማዕዘኑን እኩል መክፈሉ ግን የትም የለም። ጥያቄው ውስጥ የተሰጠ ነገር ማረጋገጫው ውስጥ ካልታየ ፍለጋ መጀመር አለበት። ይህ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም፣ አንዳንድ ጥያቄ ትርፍ መረጃ ይሰጣልና። እዚህ ግን ከላይ የሠራነው ሥዕል መልሱን ሰጥቷል፦ ያለዚያ መረጃ መደምደሚያው ይፈርሳል።

በሥዕሉ ላይ ያለን ምልክት ሁሉ እንደ ተሰጠ መቀበል

ይኸው ተማሪ ወይም የዴስክ ጓደኛው ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል። D ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ስሎ «∠ADB = 90°፣ ከሥዕሉ» ይላል፤ ከዚያ ሃይፖቴነሱ AB = AC፣ የጋራው ጎን AD፣ ጨረሰ። ሕጉ በትክክል ሠርቷል፣ የገባበት 90 ዲግሪ ግን ከየት መጣ?

ሥዕሉ ላይ ላለች እያንዳንዱ ጭረት፣ ቅስትና የቀጤ ምልክት አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ከጥያቄው ዐረፍተ ነገር ነው የመጣሽው ወይስ ከስንተኛው እርምጃ? ከሁለቱም ካልሆነች ከውጭ የገባች ናት። የቀጤው ምልክት እዚህ እውነት ነው፣ ግን እውነትነቱ የሚታወቀው ጎነ ሦስቶቹ ኮንግሩዌንት መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ነው። ብዙ ተማሪ BD እና DC ላይ ጭረቶቹን ገና ሲጀምር ያሰፍራል፣ ሊያረጋግጠው የተነሳበትን ነገር መሆኑ ነው። ፎቶ ደግሞ የቱ ምልክት መጀመሪያ፣ የቱ መጨረሻ እንደተሣለ አይናገርም። ተማሪው የተሰጠውን በሰማያዊ፣ ያገኘውን በእርሳስ ምልክት እንዲያደርግ ቢያስለምዱት ይህ ጣጣ በአብዛኛው ይቀራል።

እርምጃ 2ን ሳይጠይቁ ማለፍ

እዚህ ጥያቄ ላይ እርምጃ 2 ችግር የለበትም፤ አስቀድሞ የተረጋገጠ ቲዎረም ነው። ጥያቄው «∠B = ∠C መሆኑን አረጋግጥ» የሚል ቢሆን ግን ያው ዐረፍተ ነገር ምክንያት መሆኑ ይቀራል፣ ራሱን በራሱ ይደግፋልና። ያንን ያለ ማዕዘን ከፋይ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የእስክንድርያው ፓፑስ ጎነ ሦስቱን ከተገለበጠው ከራሱ ጋር፣ △ABCን ከ△ACB ጋር፣ አስተያይቶ በጎን-ማዕዘን-ጎን ጨርሶታል።

መልሱን «ስህተት» ብሎ መዝጋት

እርምጃ 4 ስለወደቀ እርምጃ 5ንም መሰረዝ አያስፈልግም። የ5 ምክንያት በራሱ ልክ ነው፤ ፊደሎቹም በተራቸው ተቀምጠዋል፦ A ለA፣ B ለC፣ D ለD፣ ስለዚህ የBD ተጓዳኝ CD ነው። ተማሪው △ABD ≡ △CAD ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ የBD ተጓዳኝ AD ይሆን ነበር፣ ያ ሌላ እርማት ነው።

ፎቶው ላይ ክብ የሚደረገው እርምጃ 4 አጠገብ ያለው ምክንያት ብቻ ነው። ከሥሩ ይህን ይጻፉለት፦ «AB እና AD መካከል ያለው ማዕዘን የትኛው ነው? ስለሱስ ምን ተሰጥቶሃል?» አብዛኛው ተማሪ እርምጃ 2ን አውጥቶ ∠BAD = ∠CAD ያስገባና ጎን-ማዕዘን-ጎንን እንዳለ ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ እርምጃ 2ን እንዳለ ይዞ፣ AD = AD በሚለው ቦታ ∠BAD = ∠CADን ያስገባል፤ ያኔ AB በሁለቱ ማዕዘኖች መካከል ስለሚገኝ ምክንያቱ ማዕዘን-ጎን-ማዕዘን ይሆናል። ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ይሰጣቸዋል።