ፀሐይ ያቃጠለውን ሰው አትጠኑት

ላንጋኖ አካባቢ በነርስነት ስሠራ የሰኞ ጠዋት በሽተኞችን ገና ከበር አውቃቸዋለሁ። ሸሚዙ ትከሻቸውን እንዳይነካው እጃቸውን ራቅ ራቅ አድርገው ነው የሚራመዱት። ስህተታቸውም በየሳምንቱ ያው ነው።

«ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» ማለት። ይቃጠላል። ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይቃጠላል።

ውሃ የቋጠረውን ማፈንዳት። «ይተንፍስ» ብለው በመርፌ ይወጉታል። ያ ስስ ቆዳ ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ መሸፈኛ ነው፤ ተዉት። ቀዝቀዝ ባለ ውሃ (በረዶ አይደለም) ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አቀዝቅዙት፣ በቀን ደጋግሙት። ራሱ ከፈነዳ በውሃና በሳሙና ቀስ ብላችሁ እጠቡ፣ ቫዝሊን ቀቡ፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍኑ። መግል ከያዘ ወይም ዙሪያው እየቀላና እያበጠ ከሄደ ኑ።

ኮልጌትና ቅቤ መቀባት። እኔ ነኝ አጥቤ የማነሳው፤ በሽተኛው ደግሞ እየጮኸ።

ማስታገሻ ዝም ብሎ መዋጥ። ለአዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም፣ ምግብ ከተበላ በኋላ፣ በመካከሉ ቢያንስ 6 ሰዓት እያቆያችሁ፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ ጥሩ ነው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያመው፣ ለነፍሰ ጡር እንዲሁም ውሃ ጠምቶት ሽንቱ ለጠቆረ ሰው ግን ፓራሲታሞል ይሻላል። ለልጅ አስፕሪን አትስጡ።

«ምች ነው» ብሎ ማጠን። ይሄኛው ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። አልቢኒዝም ያለበት አንድ ወጣት ቀኑን ሙሉ ራቁት ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ዋለ። ማታ ቀላ፣ በማግስቱ ትከሻው ውሃ ቋጠረ፤ ራሱን አመመው፣ አስመለሰው፣ ተንቀጠቀጠ። ጓደኞቹ በጋቢ ጠቅልለው ዳማከሴ አፍልተው ሊያጥኑት ሲሉ ደረስኩ። የጋለን ሰውነት በእንፋሎት! ጋቢውን ገፍፌ ጥላ ውስጥ አስተኛሁት፤ ገላውን በውሃ እያረጠብን በካርቶን አራገብነው። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጬ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። በደንብ ያወራ ስለነበር ጊዜ ነበረን፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለቀቀው።

ባይለቀው ኖሮ ሆስፒታል ነበር። መቀባዠር፣ ምላስ መተሳሰር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መንፈራገጥ ወይም ራስን መሳት ከታየ ደግሞ ግማሽ ሰዓትም አይጠበቅም። ቢያልበውም ባያልበውም አትዘናጉ፣ 40 ዲግሪ እስኪደርስም አትጠብቁ። በአፉ ምንም አትስጡት፤ ፓራሲታሞልም ይህን ሙቀት አያወርደውም። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ፤ እስኪመጣ ውሃ ማፍሰሱንና ማራገቡን አታቋርጡ፣ መኪና ውስጥ ከገባም በኋላ።